የጋሼ ቁልፉ አንቀጽ

ጋሼ ቁልፉ የወጣላቸው ስም ነው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን የሚያውቅ ተማሪ ቢኖር ይገርመኛል፤ እኔም አሥር ዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የትምህርት ቤታችን በረኛና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነበሩ። ቀበቷቸው ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ እስር ከእሳቸው ቀድሞ ይሰማ ስለነበር፣ ከክፍል ጠፍተን ከጓሮ የምንቀመጥ ልጆች ድምፁን ሰምተን ነበር የምንበተነው። እሳቸውም ይህን ያውቁታል። ሊይዙን ያልፈለጉ ቀን ቁልፉን ሆን ብለው ከሩቅ ያንቀጫቅጩት ነበር።

በር የሚያጋጭ ልጅ አይወዱም። «በር እንደ አማት ነው፤ ቀስ ብለህ ካልያዝከው ሰፈር ይሰማብሃል» ይላሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ «አማትህ እናቴ መሆኗን አትርሳ» ትላቸዋለች። ቁልፎቹን በክር ቀለም ለይተው ያስራሉ፤ ቀዩ የቤተ ሙከራው፣ ሰማያዊው የቤተ መጻሕፍቱ፣ ጥቁሩ የዕቃ ቤቱ። ማንበብ የተማሩት ካረጁ በኋላ፣ በማታው ክፍል፣ ከገዛ ልጃቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው ነው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየጎተቱ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ አንዴ ያነበቡትን ግን አይረሱም።

በእኚህ ሰው ላይ አንድ ነገር ተወርቶባቸው ያውቃል። አዲሶቹ ክፍሎች በሚሠሩበት ዓመት ለጣሪያ የመጣው ቆርቆሮ ከዕቃ ቤት እየጎደለ ሄደ። በሩ አልተሰበረም። ጥቁሩ ክር ያለው ቁልፍ ደግሞ በማን ቀበቶ ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ፊት ለፊት የጠየቃቸው የለም፤ ከኋላ ግን ያልተባለ የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ጆሮ ግን ባዳ አልሆነላቸውም፣ ሁሉንም ሰምተዋል። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሌባውን እንደያዙት፣ የልጆች አባት ነው ብለው በድብቅ እንዳሰናበቱት፣ ማንነቱንም ለማንም ላይናገሩ ቃል እንደገቡ የተሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያም ቢሆን ወሬ ነው፤ በወሬ የጠፋ ስም ደግሞ በወሬ አይመለስም።

ዳይሬክተሩ ጡረታ ወጥተው የትምህርት ቤቱን ታሪክ መጻፍ ሲጀምሩ ጋሼ ቁልፉን በሩ ላይ አቁመው፣ «አንተንም እጽፍሃለሁ» አሏቸው። ጋሼ ቁልፉ አራት ዓመት ጠበቁ። ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «መጽሐፉ ሲወጣ» ማለት ልማዳቸው ሆነ። መጽሐፉ ሲወጣ ሰው ያያል።

መጽሐፉን ገጽ በገጽ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ።

በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እጄ ፈጣን ነው። ይህን ራሴ አልልም፣ አለቃዬ ነው የሚለው፤ እኔ ግን ሲለኝ ደስ እንደሚለኝ ከመናገር አልመለስም። ሌላው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ሌላው እንዴት ሦስት ቀን እንደፈጀበት እያሰብኩ እስቃለሁ።

የዳይሬክተሩ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ሳቄን አቆምኩ። ሰውየው የተማሩት በታይፕ ነው። በታይፕ መስመሩ ሲያልቅ ደወሉ ይጮሃል፣ ጋሪውን ወደ ኋላ ትገፋለህ፣ አዲስ መስመር ትጀምራለህ። ኮምፒውተር ላይም ደወሉን በጆሯቸው እየሰሙ ይመስለኛል፣ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር መትተዋል። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ! ጽሑፉን በመጽሐፉ ገጽ ስፋት ልክ ሳፈሰው መስመሩ ግማሽ ድረስ ይሄድና ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ሁለት ቃል ብቻ ያለው መስመር፣ ቀጥሎ ደግሞ ሙሉ። ጥርሱ የወላለቀ ማበጠሪያ ነበር የሚመስለው።

መፍትሔውን አውቀዋለሁ፤ ከባድ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኢንተር አለ። አንደኛው የመስመር ማለቂያው ነው፣ እሱ መጥፋት አለበት። ሁለተኛው አንቀጽ ከአንቀጽ የሚለየው ነው፣ እሱ መቅረት አለበት። ዳይሬክተሩ በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር ይተዋሉ፤ ስለዚህ አንቀጽ ባለቀበት ሁሉ ሁለት ኢንተር ተከታትሎ ይገኛል። መጀመሪያ ሁለት የተከታተሉትን ፈልጎ ጽሑፉ ውስጥ በሌለ ምልክት መተካት፤ ቀጥሎ የቀሩትን ነጠላ ኢንተሮች ሁሉ በስፔስ መተካት፣ ቃልና ቃል እንዳይጣበቁ፤ በመጨረሻ ምልክቱን ወደ ኢንተር መመለስ። ሦስት ትእዛዝ ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ከሦስቱ በፊት ግን አንድ የሚቀድም አለ። በየመስመሩ ጫፍና በባዶዎቹ መስመሮች ላይ የተረሳ ስፔስ ካለ ማጽዳት። ስፔስ ለዓይን አይታይም፤ ለማሽኑ ግን ፊደል ነው። ባዶ የመሰለው መስመር ላይ አንዲት ስፔስ ካለች፣ ሁለቱ ኢንተሮች አልተከታተሉም፣ መሐላቸው ሰው ቆሟል። ማሽኑ አንቀጽ መሆኑን አያውቅም። ሁለቱንም እንደ ነጠላ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል።

ይህን አውቅ ነበር። ለአዲስ ሠራተኛ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ዘለልኩት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ጅቡ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ባሰ እንጂ አልተሻለም። ሦስቱን ትእዛዝ ከሰጠሁ በኋላ እዚህም እዚያም የተደራረበ ስፔስ አየሁ። ቆም ብዬ «ከየት መጣ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የተደራረበውን ሁሉ ወደ ነጠላ ቀየርኩት። አንቀጽ የጠፋበትን ቦታ ሊያሳየኝ የሚችለውን ብቸኛ ምልክት በገዛ እጄ ጠረግሁት። በፊትና በኋላ ስንት አንቀጽ እንዳለ መቁጠርም አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዳይሬክተሩ ለማረም የታተመ ናሙና ተልኮላቸው ሁለት ምዕራፍ አነበቡና ዓይናቸው ደከመ። ስልክ ደውለው «የቀረውን ባላየውስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ አይሳሳትም፤ ይመኑኝ» አልኳቸው።

መጽሐፉ የተመረቀው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ ታመው ሌላ ከተማ ልጃቸው ቤት ስለነበሩ አልመጡም። እኔና አለቃዬ መጽሐፎቹን በካርቶን አምጥተን ከኋላ ተቀምጠናል። ጋሼ ቁልፉ ፊተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ አዲስ ኮት ለብሰዋል፣ ቁልፉ ግን እንደ ወትሮው ቀበቷቸው ላይ ነው። ሲገቡ አይተውኝ በጣታቸው ወደ መጽሐፉ እየጠቆሙ ሳቁልኝ። አንቺ ነሽ አሉ የሠራሽው ማለታቸው ነው። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ኩራትም ተሰማኝ።

አዲሷ ርዕሰ መምህርት ንግግር አድርገው ሲያበቁ፣ «የቀድሞው ዳይሬክተራችን ገጽ ሰማንያ ሰባትን እንዳነብ አደራ ብለውኛል» አሉ። ምዕራፉ ዳይሬክተሩ የማይረሷቸውን ሰዎች የሚያነሣ ነው። ማንንም ላለማስቀየም ብለው አንዱንም በስሙ አልጠሩም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ። ርዕሰ መምህርቷ ማንበብ ጀመሩ።

«የዕቃ ቤታችንን ቁልፍ የያዘው በረኛችን ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይከፍታል፣ ማታ ከሁሉ ኋላ ይዘጋል። ልጆቹ በቁልፉ ስም ይጠሩታል።»

ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ ቁልፉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና እጅ ነሡ። ርዕሰ መምህርቷ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ከዚያ አንቀጹ ገና አላለቀምና ቀጠሉ።

«ስሙን አልጠራውም። ለአዲሶቹ ክፍሎች የመጣውን ቆርቆሮ በጓሮ እያወጣ ሲሸጥ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። የልጆች አባት ነውና ለሕግ ሳልሰጠው በይቅርታ አለፍኩት።»

የመጨረሻዎቹን ቃላት ያነበቡት ድምፃቸው እየወረደ ነው። ሴትዮዋ ምን እንዳነበቡ የገባቸው አፋቸው ከተናገረው በኋላ ነው። ጋሼ ቁልፉ እንደቆሙ ናቸው።

የያዝኩትን መጽሐፍ ገለጥኩ። የዚያ ምዕራፍ አንቀጾች ሁሉ አራት አራት መስመር ናቸው። ይሄኛው ስምንት ነው። ማንም አላስረዳኝም፤ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነውና ወዲያው ገባኝ። ሁለት ሰው ነው። መሐላቸው ባዶ መስመር ነበረች። በአማርኛ ግሡ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ፣ «ያዝኩት» ሲሉ ማንን እንደያዙ የሚነግረን ያቺ ባዶ መስመር ብቻ ነበረች። ሌባውን ከበረኛው የሚለየው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያኔ መነሣት ነበረብኝ። «ቆዩ! ስሕተቱ የኔ ነው፣ እዚህ ጋ ሌላ አንቀጽ ነው!» ማለት። አሥር ቃል አይሞላም። አለቃዬ አጠገቤ ነው፤ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፋይሉን ልይ፤ ሰው ይስቃል፤ እያልኩ ምክንያት ስደረድር ከኋላችን አንዱ «ቁልፍ ይዞማ!» አለ፣ ሌላውም ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አቀረቀርኩ። መሬት ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ሥራዋን አትሠራም። ቀና ስል የጋሼ ቁልፉ ወንበር ባዶ ነበር።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዋናውን ፋይል ከፍቼ ስውር ምልክቶችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫንኩ። በየመስመሩ ጫፍ የኢንተር ምልክት ተደረደረ። ከበረኛው አንቀጽ በታች ያለው ባዶ መስመር ላይ፣ አንዲት የስፔስ ነጥብ። በመጽሐፉ ሁሉ ዘጠኝ ቦታ ተገኘች፤ ስምንቱ ጉዳት አላደረሱም። ዘጠኙንም አየኋቸው፤ ሁሉም ከባድ ነገር ከመጀመሩ በፊት ናቸው። የዳይሬክተሩ ሚስት ሞት፣ የተባረረ ተማሪ፣ ያመኑት ሰው መስረቁ። ሽማግሌው የሚጽፉትን ሲያስቡ አውራ ጣታቸው ስፔሱ ላይ እያረፈ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቁልፉ የቁልፉን እስር ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ማንም አስቀምጡ አላላቸውም። ማንም አንሡ ያላቸውም የለም።

በዚያው ቀን ዳይሬክተሩ ደወሉ። የሰሙት ከርዕሰ መምህርቷ ነው። ድምፃቸው ተሰባብሯል።

«ልጄ፣ እኔ እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ እንዴ?»

«ጋሼ» አልኩ፤ «በላኩልን ፋይል ላይ ያልታየ ስፔስ ነበረበት። እሱ ነው አንቀጾቹን ያገናኛቸው።»

አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

«እንግዲያ ጣቴ ነው» አሉ። «የኔ ጣት ነው ያንን ሰው የገደለው።» ከዚያ ሽማግሌ ሲያለቅስ በስልክ ሰማሁ። ስልኩን የዘጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እንኳን መዝጋት አቃተኝ።

ማግስቱን ጋሼ ቁልፉ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ከፍታ አስገባችኝ፤ የመጣሁት ላጽናና መስሏት «ተባረኪ» አለችኝ። ጋሼ ቁልፉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ተገልጦ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀበቷቸው ያለ ቁልፍ ቀጥ ብሏል።

ነገርኳቸው። ኢንተሩን፣ ስፔሷን፣ የዘለልኩትን ሥራ፣ ለዳይሬክተሩ ያልኩትን ሁሉ። የዋናውን ፋይል ገጽ አትሜ ይዤ ነበርና ባዶዋን መስመር አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየጎተቱ አነበቡ። ባዶዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሌላ ሰው ነው» አሉ።

«ሌላ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ጻፈኝ ማለት ነው፤ እንዳለው ጻፈኝ።» ባለቤታቸው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከባዶዋ መስመር ሳያነሡ ቀጠሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ከአንዲት ክፍተት በላይ አልዋለም። አንቺ ክፍተቷን ነው ያጠፋሽው። ለማመን የቸኮሉት እነሱ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ እንኳ ‹ይሄ ነገር ልክ አይመስልም› የሚል ሰው አላፈራሁም?»

ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ኃላፊነቱን ከእኔ ላይ ያነሡልኝ መስሎኝ። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ!

«አንቺን ደግሞ አይቼሻለሁ» አሉ። «ያን ለት ዞር ስል አቀርቅረሻል። ይቺም አመነች አልኩ። ከሰዉ ሁሉ ያንቺ ማቀርቀር ነው ያቃጠለኝ።»

«አላመንኩም ጋሼ! እኔ... እዚያው አውቄዋለሁ። ገጹን ገልጬ አይቼዋለሁ።»

«እዚያው? እኔ ቆሜ ሳለሁ?»

«አዎ።»

ጋሼ ቁልፉ አልጮኹም። «እንግዲያ ያንቺ ይብሳል» አሉ። «እነሱ ሳያውቁ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ማረሚያ አውጪ። ስትጽፊ ግን ሁሉንም ጻፊ። አጥፍቼ፣ አውቄ፣ ዝም አልኩ ብለሽ ጻፊ። የሳቁት ሰዎች ያንን ያንብቡት።»

«እጽፋለሁ» አልኩ። ማልኩላቸውም።

ማረሚያ ማለት በእያንዳንዱ መጽሐፍ ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ የምትገባ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት። ሁለቱን አንቀጾች ለያይቼ፣ መሐላቸው ባዶ መስመር ትቼ ጻፍኩ። ከሥር ስሕተቱ የደራሲው ሳይሆን የገጽ አቀናባሪዋ መሆኑን፣ ሲነበብም አዳራሽ ውስጥ እንደነበረች፣ እያወቀች ዝም እንዳለች ጻፍኩ። ስሜንም አኖርኩ። አለቃዬ ወረቀቷን ሁለቴ አነበባት።

«የላይኛው ጥሩ ነው። የታችኛው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሆነው ነው።»

«ማረሚያ የሚያርመው ገጹን ነው፤ ሰው አያርምም። ‹በኅትመት ስሕተት ሁለት አንቀጾች ተቀላቅለዋል› በይና ዝጊው። ደግሞስ ማተሚያ ቤታችን እንደዚህ ነው የሚሠራው እንዲባል ነው? ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ።»

ተቀላቅለዋል! ውሃና ወተት በራሳቸው ጊዜ የተቀላቀሉ ይመስል። ይህን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወንበሬን አየሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበትን። ከዚያ የታችኛውን መርጬ አጠፋሁት። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ እጄ ፈጣን ነው።

ለጋሼ ቁልፉ የምትደርሳቸውን ማረሚያ ራሴ ወሰድኩላቸው። ቤታቸው በር ላይ እንደቆሙ ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየጎተቱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቷን ገለበጧት፤ ጀርባዋን አዩ። ነጭ ነው። እንደገና ወደ ፊቷ መለሷት።

«ይሄው ነው?» አሉኝ።

«ይሄው ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።